ደንበኛ የለኝም፤ ፖርትፎሊዮዬ ላይ ምን ላስቀምጥ?

ጣና_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባህር ዳር ነው። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ በደንብ ተምሬያለሁ፤ ጃቫስክሪፕትም ትንሽ ትንሽ እሞካክራለሁ። ለምግብ ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለፀጉር ቤት ዌብሳይት እየሠራሁ መኖር እፈልጋለሁ። ችግሩ ማንንም ባናግር መጀመሪያ የሚለኝ "እስቲ የሠራሽውን አሳዪን" ነው። የማሳየው የለኝም፤ እስካሁን አንድም ደንበኛ አላገኘሁም።

የራሴን ሳይት ጀምሬያለሁ። ስሜ አለ፣ "ስለ እኔ" አለ፣ "አገልግሎቶቼ" አለ። "ሥራዎቼ" የሚለው ግን ባዶ ነው። ስማር የሠራኋቸው ካልኩሌተርና የአየር ሁኔታ ማሳያ አሉኝ። እነሱን ላስገባ? ካልሆነስ ምን ይግባ?

ቢኒ_ዲዛይን

ካልኩሌተሩን ተይው። ኮርስ የወሰደ ሁሉ እሱኑ ነው የሚለጥፈው። የታወቀ ድርጅት ምረጪና ገጹን እንደገና አሳምረሽ ሥሪው። የባንክ መተግበሪያ ወይም የአየር መንገድ የፊት ገጽ ይሁን፤ ሰው ስሙን ሲያይ ቆም ይላል። አሥር አሥራ ሁለት ያህል ሥሪና ገጹን ሙይው። ዶሜይንም ግዢ። በነፃ አድራሻ የሚመጣን ሰው ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ጎመን_በጤና

እኔ ለስቶክ ገበያ ፖርትፎሊዮ መስሎኝ ነው የገባሁት፤ ይቅርታ። ግን ከገባሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ትንሽዬ ካፌ አለኝ። አንዱ ልጅ ዌብሳይት ልሥራልህ ብሎ መጥቶ ያሳየኝ ትልቅ ባንክ ነበር። ያምራል። ግን እኔ ባንክ የለኝም። "ይሄ ልጅ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?" አልኩና ተውኩት።

ጋሽ_ፒያሳ

ካፌ ያለው ወንድማችን ነገሩን ጨርሶታል። እኔ ዌብሳይት የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ሰው ከሚቀጥሩት አንዱ ነኝና ከማየው ተነስቼ ልናገር።

ቢኒ ካልኩሌተሩን ተይው ማለቱ ልክ ነው። ካልኩሌተር የሚያሳየው ኮርሱን መጨረስሽን ብቻ ነው። የባንኩ ምክር ግን ለአንቺ አይሆንም። የባንክ ገጽ በውስጡ ብዙ ሰው፣ ብዙ ሕግና ብዙ ክርክር አለበት። አንቺ ከውጭ ሆነሽ መቀየር የምትችይው ቀለሙን ብቻ ነው። ለምን እንዲህ አደረግሽው ብዬ ብጠይቅሽ "ስለሚያምር" ከማለት ውጭ መልስ አይኖርሽም። በዚያ ላይ አርማቸውን "ሥራዎቼ" ከሚል ርዕስ ሥር ካስቀመጥሽው፣ የሚያየው ሰው ባንኩ የቀጠረሽ ይመስለዋል። ኋላ እውነቱ ሲወጣ የቀረውን ሥራሽንም አያምንሽም።

አሥራ ሁለትም አያስፈልግም። እኔ ሁለት ሦስት ከፍቼ ነው የምወስነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በስልክ ነው የማየው።

የምመክርሽ ይሄን ነው። ሰፈርሽ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ግቢ። ሜኑውን እዪ። ብዙ ቦታ ዋጋው ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በእስክሪብቶ እንደገና ተጽፎበታል። አስተናጋጁ "ይሄ የለም፣ ያም አልቋል" ሲል ስሚ። ሰው ስልክ ደውሎ ምን እንደሚጠይቃቸውም ጠይቂ። ከዚያ ለእነሱ አንድ ገጽ ብቻ ሥሪ። የማይከፈልበት ናሙና ይሁን እንጂ ጥያቄው የእውነት ይሁን። በሐሳብ የተፈጠረ ምግብ ቤት ሁልጊዜ ሥርዓት ያለው ነው፤ ስድስት ምግብ፣ ስድስት የሚያምር ፎቶ። የእውነቱ ግን ሠላሳ ምግብና ሁለት ፎቶ ነው ያለው። ችሎታሽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ስማቸውን ለመጠቀም ባለቤቱን አስፈቅጂ። እምቢ ካሉ ስሙን ቀይሪና ችግሩን እንዳለ ያዢው። በሁለቱም መንገድ ገጹ አናት ላይ "ናሙና ሥራ፤ በራሴ ተነሳሽነት የተሠራ" ብለሽ ጻፊ። በትንንሽ ፊደል ከግርጌ አይደለም፤ አናት ላይ።

ቢኒ_ዲዛይን

ጋሼ፣ ስለ አርማው ያሉትን ተቀብያለሁ። ስለ ዶሜይኑ ግን አልስማማም። የራስ አድራሻ ሰው ሲያየው ይከብዳል።

ጋሽ_ፒያሳ

ገንዘቡ ካላት ትግዛ፤ ክፋት የለውም። ግን ለመጀመር ግዴታ አይደለም። ጊትሀብ ላይ በነፃ ይወጣል፤ አድራሻው `username.github.io` ይሆናል፣ ኤችቲቲፒኤስም አብሮ ይመጣል። ዶሜይን ኋላ ስትገዛ እዚያው ላይ ማያያዝ ይቻላል፤ የሚባክን ሥራ የለም። እኔ አድራሻውን አይቼ የጣልኩት ሰው የለም። ገጹ አልከፍት ብሎኝ የተውኩት ግን ብዙ ነው።

ክር_እና_መርፌ

እህቶቼ ወንድሞቼ፣ ከሪያድ ነኝ። እኔ ኮድ አልችልም፤ የሐበሻ ቀሚስ ነው የምሰፋው። ለጓደኞቼ ለሠርግና ለክርስትና ሰፍቼላቸዋለሁ፤ ገንዘብ ግን አልተቀበልኩም። ይሄ ናሙና ነው ወይስ ሥራ ይባላል? ፎቶዎቹ ደግሞ ሁሉም በሠርግ ላይ የተነሱ ናቸው፤ ሰው ይታይባቸዋል።

ትርጉም_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እህቴ፣ ለሰው ሰፍተሽ ሰው ለብሶታል፤ ሥራ ነው። "ለጓደኛ የተሰፋ" በይው፣ በቃ። ፎቶው ላይ ግን ያለችውን ሴት አስፈቅጂ። ፊቷ እንዲወጣ ካልፈለገች ጥልፉንና ጥበቡን ቀረብ ብለሽ አንሺ። ገዢ የሚፈልገውም እሱኑ ነው፤ ስፌቱ ከውስጥ በኩል ምን ይመስላል፣ ጥለቱ መገጣጠሚያው ላይ ይገናኛል ወይ የሚለውን።

የእኔ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ተርጓሚ ነኝ። የተረጎምኩት ብዙ ነው፤ ግን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የሕክምና ወረቀት ነው። አንዱንም ማሳየት አልችልም። ስም አጥፍቼም ቢሆን አላወጣውም፤ የሰው ጉዳይ ነው። ስለዚህ እኔም ከደንበኛ አልባዋ ልጅ እኩል ነኝ። ያደረግኩት እንዲህ ነው። የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ዓይነት ደብዳቤ ራሴ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ልጆች በአውቶቡስ ስለሚሄዱበት ሰዓትና ስለ ፈቃድ ፊርማ። ከዚያ ወደ አማርኛ መለስኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሥሩ ሦስት ቦታ ላይ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ጻፍኩ። ለምሳሌ ሰዓቱን በአገር ቤት አቆጣጠር ሳይሆን በእነሱ አቆጣጠር የተውኩት ወላጁ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ነው። ደውለው የጠየቁኝ ሁሉ ያነሱልኝ ያንን ማብራሪያ ነው።

ጋሽ_ፒያሳ

ጣና ዳር፣ ይሄን ያዢው። ከናሙናው ሥር ማብራሪያ ያስፈልጋል። አጭር ይሁን። ምን ችግር አየሽ፣ ምን ወሰንሽ፣ ምን ሳትፈቺ ተውሽ። ከስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ።

ጣና_ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ቤታችን አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ሄጄ ባለቤቷን አናገርኳት። ሥራውን አልከለከለችኝም፤ ስሟ እንዳይወጣ ግን ነገረችኝ። ስለዚህ "የሰፈር ምግብ ቤት" ብዬዋለሁ።

ስጠይቃት ሰው ደውሎ በብዛት የሚላት "ዛሬ የጾም ምን አላችሁ?" ነው። ስለዚህ ገጹ ረቡዕና ዓርብ ሲከፈት የጾሙ ዝርዝር አናት ላይ እንዲመጣ አደረግኩት። በሌላው ቀን የፍስኩ ይቀድማል። ኮዱ ይሄ ነው፦

```js
const d = new Date().getDay();
if (d === 3 || d === 5) {
  document.body.classList.add("tsom");
}
```

ይሠራል። ግን ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ ላፕቶፔ ላይ ፎቶዎቹ ሁሉ ይታያሉ፤ ጊትሀብ ላይ ካወጣሁት በኋላ ግን ሁለቱ አይታዩም። ሁለተኛ፣ ዓሣ የት ይግባ?

ቢኒ_ዲዛይን

ሐሳቡ ግሩም ነው! ከባንኩ በጣም ይሻላል፤ እውነቴን ነው። ፎቶው ያልመጣው ጊትሀብ ስለሚዘገይ ነው። ትንሽ ጠብቂው።

ጋሽ_ፒያሳ

መጀመሪያ ሲወጣ እስከ አሥር ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ቢኒ እሱን ማለቱ ነው። ግን ሌሎቹ ፎቶዎች መጥተው ሁለቱ ብቻ ከቀሩ ነገሩ መዘግየት አይደለም። የፋይሎቹን ስም እዪ። በካሜራ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ `Doro.JPG` ሆኖ ይቀመጣል፤ አንቺ ኮዱ ላይ `doro.jpg` ብለሽ ጽፈሽ ይሆናል። ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ጊትሀብ ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ለዚህ ነው ላፕቶፕሽ ላይ ሠርቶ እዚያ እምቢ ያለው። ሁሉንም ፋይል በትንሽ ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ሰይሚ፤ ከዚያ ወዲህ አያስቸግርሽም።

እግረ መንገዴን የፎቶዎቹን ክብደትም ልጠይቅሽ። ከስልክ እንደወጡ ከለጠፍሻቸው እያንዳንዱ ሦስት አራት ሜጋባይት ነው። ሜኑ ለማየት ሠላሳ ሜጋባይት የሚከፍልልሽ ሰው የለም።

ጣና_ዳር

ልክ ነዎት፣ `.JPG` ነበር! አሁን ሁሉም መጡ። ክብደቱ እንዳሉት ነው፤ አንዱ ወደ አራት ሜጋባይት ይጠጋል። በምን ላሳንሰው?

ቢኒ_ዲዛይን

ይሄን እኔ ልመልስ፤ በየቀኑ የምሠራው ነው። `squoosh.app` የሚባል አለ፤ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው የሚሠራው። ስፋቱን 1200 ፒክስል አድርጊው። ከዚያ ዌብፒ ወይም ጄፔግ ምረጪና ጥራቱን ወደ 75 አውርጂው። አብዛኛው የምግብ ፎቶ ከ200 ኪሎባይት በታች ይመጣልሻል፤ በስልክ ስታዪው ልዩነቱን አትለዪውም። ብዙ ዝርዝር ያለበት ፎቶ፣ ለምሳሌ ከላይ የተነሳ በያይነቱ፣ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ እሱን ተይው።

አማርኛውንም አደራ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተጠቀሚ። በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ስጪው፤ `line-height` 1.6 ወይም 1.7 ይሁን። የእኛ ፊደል ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ ሲጠጋጋ ዓይን ይይዛል። ኢታሊክ አታድርጊ፤ ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ነው የሚያዘመው፣ ያስጠላል።

የቅዳሜ_ተማሪ

ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፤ ግን የጾሙ ኮድ ስህተት ነው። ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም የሚጾመው። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ነው፤ በዚያ ጊዜ ማክሰኞ ብትከፍቺው ገጹ ጥብስ ነው የሚያሳይሽ። ደግሞ በተቃራኒው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ያን ጊዜ ገጹ ሽሮ ያስቀድማል። ገናና ጥምቀትም ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋሉ አይጾሙም።

ጣና_ዳር

ውይ፣ እውነትም! ታዲያ ሁሉንም አጽዋማት ላስገባ? የፋሲካን ቀን ማስላት ይቻላል ብዬ አነበብኩ።

ጋሽ_ፒያሳ

ይቻላል፤ ባሕረ ሐሳብ አለ። ግን ለዚህ ገጽ አታድርጊው። ቀኑን በትክክል ብታሰዪው እንኳ ሰው በሙሉ አንድ ዓይነት አይጾምም። የማይጾም አለ፣ ሙስሊም ደንበኛ አለ፣ ፍልሰታን ብቻ የሚጾም አለ። ኮዱ ደግሞ ቀኑን የሚወስደው ከጎብኚው ስልክ ነው፤ ስልኩ ላይ ቀኑ ከተሳሳተ ገጹም ይሳሳታል።

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። አናት ላይ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች አድርጊ፤ "የጾም" እና "የፍስክ"። ሰው ራሱ ይምረጥ። ኮድሽ የትኛው ቀድሞ እንደሚከፈት ይገምት እንጂ አይወስን። ግምቱ ቢሳሳት ሰውየው አንዴ ይነካዋል፣ አለቀ።

አሁን የማብራሪያሽን ዋና ክፍል አገኘሽ። የቅዳሜ ተማሪ የጻፈውን ነገር እዚያ ላይ በአጭሩ አስቀምጪው። ቀጣሪ ይሄን ሲያነብ ከአንቺ ጋር ሥራ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ነው። ዓሣውን በተመለከተ ግን እኔ አልገባበትም።

የቅዳሜ_ተማሪ

ዓሣ የጾም አይደለም። ግልጽ ነው።

ጎመን_በጤና

ለአንተ ግልጽ ነው ወንድሜ። በጾም ቀን ዓሣ የሚያዘኝ ደንበኛ ሞልቷል፤ "የጾም ስጠኝ" ብሎ ዓሣ የሚያዝም አለ። ባህር ዳር ደግሞ ዓሣ ዋናው ነው። ሜኑዬ ላይ ለብቻው "ዓሣ" ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ከጾሙም ከፍስኩም አላገባሁትም።

የቅዳሜ_ተማሪ

ሰው መብላቱ ሌላ፣ ሥርዓቱ ሌላ። የጾም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ካየሁት እኔ ከዚያ ቤት አላዝም።

ትርጉም_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁለታችሁም ደንበኛ ናችሁ፤ ስለዚህ የሚወስነው ባለቤቷ ናት። ጣና ዳር፣ ሄደሽ ጠይቂያት። መልሷን ማብራሪያው ላይ ጻፊው።

ጣና_ዳር

ጠየቅኳት። "ለብቻው አድርጊው፣ ከሁለቱም ሥር ይታይ" አለችኝ። እንደ ጎመን በጤና ማለት ነው። አድርጌዋለሁ። ማብራሪያው አሁን ይሄን ይመስላል፤ እስቲ አስተያየት ስጡኝ፦

"ናሙና ሥራ፤ በራሴ ተነሳሽነት የተሠራ። ባህር ዳር የሚገኝ ምግብ ቤት ደንበኞች ደውለው በብዛት የሚጠይቁት የጾም ምግብ መኖሩን ነው። ስለዚህ ሜኑውን በጾምና በፍስክ ከፍዬ፣ ሁለት ቁልፍ አናት ላይ አደረግኩ። ገጹ ቀኑን አይቶ አንዱን ያስቀድማል፤ ግን አጽዋማት ሁሉ በሳምንት ቀን ስለማይታወቁ ምርጫው የጎብኚው ነው። ዓሣ ባለቤቷ እንዳለችው ለብቻው ተቀምጧል። ዋጋ ሲቀየር ባለቤቷ ራሷ የምታስተካክልበት መንገድ ገና አልሠራሁም፤ አሁን የሚስተካከለው ኮዱ ውስጥ ነው።"

ጋሽ_ፒያሳ

አንድም ቃል አትቀይሪ። በተለይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አትሰርዢው። ብዙ ሰው ያልሠራውን ይደብቃል፤ እኔ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ የምጀምረው ከእሱ ነው። "ቢከፍሉሽ ይሄን እንዴት ትፈቺዋለሽ?" እልሻለሁ። ከአሁኑ አስቢበት።

"አገልግሎቶቼ" የሚለውን ገጽ ግን አውጪው፤ ናሙናው ይናገራል። መጀመሪያ የሚታየው ስምሽ፣ አንድ መስመር፣ ከዚያ ናሙናው ይሁን። መገኛሽ ከታች፤ ስልክና ቴሌግራም በቂ ነው። ፎርም አታስገቢ። ጊትሀብ ላይ ያለው ገጽ ራሱ መልእክት አይቀበልም፤ በሌላ አገልግሎት ካላገናኘሽው ሰው ይሞላዋል፣ ለአንቺ አይደርስሽም።

ቢኒ_ዲዛይን

አንድ ጭማሪ። ሊንኩን የምትልኪው በቴሌግራም ነው አይደል? ያለ ምስል ባዶ ሊንክ ከሆነ ሰው አይነካውም። `head` ውስጥ ይሄን አስገቢ፦

```html
<meta property="og:title" content="የሰፈር ምግብ ቤት፤ ናሙና ሥራ">
<meta property="og:image" content="https://username.github.io/card.jpg">
```

የምስሉ አድራሻ ከ`https` ጀምሮ ሙሉ መሆን አለበት። አንዴ ሊንኩን ልከሽው ከነበረ ቴሌግራም የድሮውን ይዞ ይቆያል። `@WebpageBot` ለሚባለው ሊንኩን ላኪለት፤ ያድስልሻል።

ክር_እና_መርፌ

እኔም ኮድ ሳልችል እንዲህ ያለ ገጽ ማሠራት እችላለሁ? ጣና ዳር፣ ለእኔ ትሠሪልኛለሽ? እከፍላለሁ፣ በነፃ አልልም። የጥልፎቹን ፎቶ እንደገና አንስቼ እልክልሻለሁ፤ አስፈቅጃቸዋለሁ።

ጣና_ዳር

እትዬ፣ በደስታ! በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ግን ስንት ልበልሽ? ዋጋ ተምኜ አላውቅም።

ቢኒ_ዲዛይን

የመጀመሪያውን በቅናሽ ሥሪላት፤ ስምሽ ይውጣ።

ጋሽ_ፒያሳ

በቅናሽ አይደለም። በሙሉ ዋጋ ጥሪና ሥራውን አሳንሺው፤ አንድ ገጽ፣ ስምንት ፎቶ፣ ሁለት ጊዜ እርማት። ይሄን አስቀድመሽ ጻፊላት።

ጎመን_በጤና

እኔ ደግሞ በቅናሽ የሚለው ይሻላል ባይ ነኝ። የመጀመሪያ ደንበኛ ናት፤ ከሪያድ ሆና ደግሞ አይታሽ አታውቅም።

ክር_እና_መርፌ

እኔ ለጓደኞቼ በነፃ ሰፍቼ ሁለተኛ ሲመጡም በነፃ ነው የጠበቁኝ። ስለዚህ ሙሉውን ጥሪ፤ ከበዛ እነግርሻለሁ።